ሽሮው ለምን ብረት ብረት አለ? ስለ ጨጓራ መድኃኒትና ስለ አፍ ጣዕም የተደረገ ውይይት

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ክር ላይ ያቀረበችው የ58 ዓመት እናቷን የምታስታምም ሴት ናት። እናትየው ጨጓራቸውን ለዓመታት ሲያማቸው ቆይቶ በሰገራ ምርመራ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ስለተገኘባቸው፣ ለ14 ቀን የሚወሰዱ ሦስት መድኃኒቶች ታዘዙላቸው። እነሱም ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም፣ አሞክሳሲሊን 1 ግራም እና ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም ሲሆኑ ሦስቱም ጠዋትና ማታ የሚዋጡ ናቸው። በሁለተኛው ቀን ማታ ሽሮ ቀርቦላቸው አንድ ጉርሻ እንዳነሡ ፊታቸውን አጨማደዱና ድስቱ ዝጎ እንደሆነ ጠየቁ። ልጅቷ ድስቱን ቀየረች፣ ሽሮውን ከሌላ ቤት አስመጣች፣ የቧንቧውን ውኃ ሳይቀር በታሸገ ውኃ ተካች፤ ሆኖም የሚቀመሰው ሁሉ ሳንቲም እንደ መላስ ሆኖ ቀጠለ። በአምስተኛው ቀን እናትየው ከሻይ በቀር ምንም አልቀምስም ብለው መድኃኒቱን ሊያቆሙ ተነሡ። የልጅቷ ጥያቄ ሁለት ነበር፦ ይህን ጣዕም የሚያመጣው ከሦስቱ የትኛው ነው? እሱን ብቻ ለይቶ መተውስ ይቻላል ወይ?

እኔም አሜባ ይዞኝ ሜትሮኒዳዞል በወሰድኩበት ሳምንት ቡና ያስጠላኝ ሰው ስለሆንኩ፣ ምላሾቹን እስከ መጨረሻው ድረስ በትዕግሥት ተከታትያቸዋለሁ።

1ኛው ምላሽ ሰጪ ትሑት አዛውንት ይመስላሉ። ጠያቂዋን ልጄ እያሉ፣ መራራ ኪኒን ምላስ ላይ ጥቂት ከቆየ ጣዕሙ ተጣብቆ እንደሚቀር፣ ስለዚህ ኪኒኑን በሙዝ ጠቅልሎ በአንድ ጊዜ መዋጥና አፍን ወዲያው መጉመጥመጥ እንደሚበቃ መከሩ። ለማስረጃም በልጅነታቸው የወባ መድኃኒት ሲሰጣቸው እናታቸው በማር ለውሰው ያጎርሷቸው እንደነበር አስታወሱ። በ2ኛው ምላሽ ላይ ሌላ ሰው ተስማምቶ አመሰገናቸው፤ ሙዝ ከሌለ በእንጀራ ጠቅልሎ መዋጥም እንደሚቻል ከማከሉ በቀር የጨመረው ነገር አልነበረም።

ክሩ መልክ የያዘው በ3ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊዋ በአንድ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሠራች ፋርማሲስት መሆኗን ገልጻ፣ የአዛውንቱ ምክር ኪኒኑ በሚዋጥበት ቅጽበት ለሚሰማው ምሬት እንደሚሠራ፣ ከሰዓታት በኋላ ለሚመጣው የብረት ጣዕም ግን እንደማይደርስ በአክብሮት አስረዳች። ክላሪትሮማይሲን ከአንጀት ወደ ደም ከገባ በኋላ ከደም ወደ ምራቅ ይሻገራል፤ ምራቅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያለማቋረጥ ስለሚመነጭ፣ በሽተኛው በየደቂቃው መድኃኒቱን በትንሽ በትንሹ እየቀመሰ ይውላል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ኪኒኑን የዋጠ ሰው ከውስጥ በኩል መልሶ ሲቀምሰው ይሰነብታል። መድኃኒቱ በራሱ ምን ያህል መራራ እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ ሰው ለሕፃናት የሚሰጠውን የዚሁኑ መድኃኒት ሽሮፕ ቢቀምስ ይበቃዋል ስትል፣ ስንት እናት ልጄ ተፋብኝ እያለች ወደ መስኮቷ እንደተመለሰች ጠቀሰች። ነገሩ ከምላስ ላይ ንክኪ እንዳልሆነ የሚያሳየው ዋና ማስረጃ ግን ሌላ ነው። ሜትሮኒዳዞል በደም ሥር በጉሉኮስ መልክ የሚሰጣቸው፣ በአፋቸው ምንም ያልገባ በሽተኞችም አፋችን ብረት ብረት አለ ይላሉ።

ጠያቂዋ በ4ኛው ምላሽ ተመልሳ ይህ በእናቷ ላይ እንዴት እንደሚረጋገጥ ጠየቀች። ፋርማሲስቷም በ5ኛው ሦስት ነገሮችን እንድታይ ነገረቻት፦ ምንም ሳይቀመስ፣ ገና ከእንቅልፍ ሲነሡ ጣዕሙ አለ ወይ? ንጹሕ ውኃም ይመራል ወይ? ደግሞስ ጣዕሙ በየትኛው ሰዓት ይብሳል? ለሁለቱ መልሱ አዎ ከሆነ ጥፋቱ ከሽሮው አይደለም። የሦስተኛው መልስ ደግሞ መድኃኒቱንና የገበታውን ሰዓት ለማስታረቅ ይጠቅማል።

የሚቀጥለው ምላሽ መጀመሪያ ከጉዳዩ የወጣ መስሎኝ ነበር። በ6ኛው ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ደም ማነስ ስላለባት የብረት ሽሮፕ እንደምትወስድ፣ ገና ከመጠጣቷ አፏ ሁሉ ዝገት ዝገት እንደሚላት፣ ሆኖም አፍንጫዋን ይዛ ስትጠጣ የዝገቱ ነገር ከሞላ ጎደል እንደሚጠፋ ጻፈች። እሷ ያቀረበችው ለአጠጣጥ ዘዴነት ነበር። ፋርማሲስቷ ግን በ7ኛው ከዚህ ውስጥ ጥሩ መለያ አወጣች። ብረቱ አፍ ውስጥ ካለው ቅባት ጋር ሲገናኝ የሚተን ሽታ ይፈጠራል፣ ሽታውም በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል፤ ስለዚህ እኛ ጣዕም የምንለው የብረት ሽሮፕ ዝገት በአብዛኛው ሽታ ነው፣ አፍንጫ ሲያዝም ይቀንሳል። በምራቅ በኩል የሚመጣው የክላሪትሮማይሲን ምሬት ግን በራሱ በምላስ የሚታወቅ ስለሆነ አፍንጫ ቢያዝም አይሄድም። ጠያቂዋ በ8ኛው ምላሽ ውጤቱን ይዛ መጣች። እናትየው አፍንጫቸውን በሁለት ጣት ይዘው ለብ ያለ ውኃ ጎንጨት ቢሉ ያው ሆነባቸው፤ ከእንቅልፍ ሲነሡም ጣዕሙ አፋቸው ውስጥ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ከሁሉ የሚብስባቸው ግን ማታ በ3 ሰዓት፣ እራት በሚቀርብበት ሰዓት ነው። የማታውን መድኃኒት የሚውጡት በ1 ሰዓት ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ እንደ ሒሳብ ግልጥ ብሎ ታየኝ። ፋርማሲስቷ በ9ኛው ምላሽ እንዳብራራችው፣ ኪኒኑ ከተዋጠ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍተኛ ይሆናል፤ ምራቁም አብሮ ይመራል። የዚህ ቤት እራት ሳይታወቅ በትክክል በዚያ ሰዓት ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጣ ሰጠቻት፦ ኦሜፕራዞል ከምግብ በፊት መቅደም ስላለበት በ12 ሰዓት፣ እራት በ12 ሰዓት ተኩል፣ ሁለቱ ፀረ ባክቴሪያዎች ደግሞ እንደ ተበላ በ1 ሰዓት። ሁለቱም ከምግብ በኋላ ቢወሰዱ ጉዳት የለባቸውም፣ ሆድንም ያሳርፋሉ። ጠዋትም እንደዚሁ፤ ምሳው ወደ 8 ሰዓት ቢገፋ ይሻላል። እንዲህ ሲደረግ ምግቡ የሚቀርበው የቀደመው ኪኒን እየቀነሰ በሄደበት ሰዓት ይሆናል። ምሬቱ ጨርሶ እንደማይጠፋ፣ በሁለት ጊዜ መጠን መካከል ያለው የ12 ሰዓት ርቀትም መዛባት እንደሌለበት አስጠንቅቃለች።

ለሁለተኛው ጥያቄ የሰጠችው መልስ አጭርና ጠንካራ ነበር። አንዱን ለይቶ መተው አይቻልም። ኦሜፕራዞል አሲዱን ካልቀነሰ ፀረ ባክቴሪያዎቹ ጨጓራ ውስጥ በቅጡ አይሠሩም፣ አሞክሳሲሊንም ለብቻው ባክቴሪያውን አይጨርሰውም። በአምስተኛው ቀን የቆመ ክላሪትሮማይሲን ደግሞ መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ትቶ ሊሄድ ይችላል፣ ያን ጊዜ በሁለተኛው ዙር ያንኑ መድኃኒት መልሶ ማዘዝ አይጠቅምም። በሜትሮኒዳዞል ይተካላቸው ለሚል ሰውም መልሱ የታወቀ ነው፤ እሱ ራሱ አፍን ብረት የሚያደርግ ነው። ይህን ሳነብ የራሴ ቡና ትዝ አለኝ።

በ10ኛው ምላሽ ላይ ከሪያድ የጻፈ ሰው ጥያቄውን የስኳር መድኃኒት ጥያቄ አድርጎ ተረድቶት ኖሮ፣ ሜትፎርሚን ከጀመረ ወዲህ ሥጋ እንደሚያስጠላውና ከምግብ ጋር ሲወስደው እንደሚሻለው በሰፊው ተረከ። ማንም አላረመውም፤ አንድ ሰው ብቻ የሱ ነገር ከምሬት ይልቅ የፍላጎት መቀነስ እንደሚመስል ጠቁሞ አለፈ። ይህች ልዩነት በኋላ ክሩን ያጋጋለችው ናት።

ድምፁ መክረር የጀመረው በ11ኛው ላይ ነው። አንድ ሰው መድኃኒቱን ሁሉ ጥለው ነጭ ሽንኩርት በማር ለሰባት ቀን በባዶ ሆድ ቢወስዱ እንደሚበቃቸው፣ እሱ ራሱ እንደዚያ እንደዳነ በእርግጠኝነት ጻፈ። በ12ኛው የመለሰለት ሰው ትሕትናን ትቶ፣ መዳኑን በምን ምርመራ እንዳወቀ፣ ሕመሙ ጋብ ማለቱን ከባክቴሪያው መጥፋት ጋር አንድ እያደረገው እንደሆነ፣ የሰው እናት ላይ ደግሞ በግምት መፍረድ ነውር መሆኑን ተናገረ። ሽንኩርተኛው ተቆጣና ነጩ ኪኒን የፈረንጅ ንግድ ነው ወደሚለው ክርክር ገባ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ምላሾች እዚህ አልተርካቸውም፤ ከስድብ በቀር ፍሬ የላቸውም። ፋርማሲስቷ ግን በመሐል አንድ የሚጠቅም ነገር ጣል አድርጋለች። ባክቴሪያው መጥፋቱ የሚታወቀው ፀረ ባክቴሪያዎቹ ካለቁ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞልም ከቆመ ሁለት ሳምንት ሲሞላው በሚደረግ ምርመራ ነው፤ ከዚያ ቀድሞ የሚደረግ ምርመራ ባክቴሪያው ሳለ የለም ብሎ ሊያታልል ይችላል።

በ15ኛው ምላሽ የታየው ክርክር ለስለስ ያለ ነበር። አንዲት እናት፣ በሽተኛዋ እርጎ እንዳይቀምሱ፣ ወተት ፀረ ባክቴሪያን እንደሚያረክስ አስጠነቀቀች። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ወተት የሚያውከው እንደ ቴትራሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉትን ነው፤ እናትየው የሚወስዷቸውን ክላሪትሮማይሲንንና አሞክሳሲሊንን ግን አይነካቸውም። ማስጠንቀቂያው ከአንዱ መድኃኒት ወደ ሌላው እየተዛመተ የሕዝብ ሕግ ሆኗል፣ እኔም ራሴ እስከዚያ ቀን ድረስ አምነው ነበር። ቀዝቃዛ እርጎ ደግሞ ለዚህ ሕመም የተመቸ ምግብ ነው፤ ትኩስ ምግብ ሽታው ስለሚበረታ የተጎዳ አፍን ይበልጥ ያስጠላዋል፣ የቀዘቀዘ ግን ይገባል። በውጭ አገር ለእንዲህ ያለ በሽተኛ የብረት ማንኪያ ትቶ በፕላስቲክ ማንኪያ እንዲበላ ይመከራል፤ በ16ኛው ላይ ይህን ያመጣው ከቨርጂኒያ የጻፈ ሰው ነው። እንጀራ በእጅ ለሚበላ ሰው ምክሩ ምን እንደሚጠቅም ሌላው በቀልድ ሲጠይቀው ለሾርባ ነው ብሎ አመለጠ።

ሎሚን በተመለከተ ግን እስካሁን ስምምነት የለም። አንዳንዶቹ ምግብ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ምራቅን አብዝቶ የብረቱን ጣዕም እንደሚሸፍን ከራሳቸው ልምድ ተናገሩ። ሌሎቹ ቀድሞውኑ የቆሰለ ጨጓራ ላይ ሎሚ መጨመር እሳት ላይ ጋዝ እንደ ማርከፍከፍ ነው አሉ። ፋርማሲስቷ ራሷ አንዱን ወገን አልያዘችም፤ ካቃጠላቸው ይተዉት፣ ካላቃጠላቸው በትንሹ ይሞክሩት ከማለት አላለፈችም። የዚንክ ኪኒን ይጨመርላቸው ላለ ሰው ግን የሰውነት ዚንክ ላልጎደለው ሰው መጥቀሙ የተረጋገጠ አለመሆኑን፣ ዚንኩ ራሱም ብረት ብረት እንደሚል ነግራዋለች።

በ20ኛው ምላሽ ላይ የመጡት ጡረተኛ ቅሬታቸው የተለየ ነበር። ለእግራቸው ነርቭ ሕመም ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን ይወስዳሉ፣ ምግቡ አይመራቸውም፣ ግን ምንም አይልም፤ ዶሮ ወጡም ገለባ ነው። ቤተሰባቸው በርበሬና ጨው ቢያበዛላቸውም ለውጥ የለውም። የመለሰላቸው በ12ኛው ላይ የተቆጣው ያው ሰው ነው፣ አሁን ግን በጣም ለዝቦ፣ ጋሼ እያለ። የባዮሎጂ መምህር መሆኑን ገልጾ፣ ለተማሪዎቹ የሚያሳየውን ቀላል ሙከራ ነገራቸው። ምላስን በንጹሕ ጨርቅ በደንብ አድርቆ ጥቂት የስኳር ፍሬ ቢያስቀምጡበት፣ ምራቅ እስኪመጣ ድረስ ምንም አይጣፍጥም። ምግብ የሚቀመሰው ምራቅ ውስጥ ከሟሟ በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ ምራቅ የሚያደርቅ መድኃኒት ቅመምን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። እንግዲህ መፍትሔው ጨው አይደለም፤ ምግቡ ላላ ብሎ፣ መረቁ በርክቶ፣ ውኃ በየጉርሻው ጎንጨት እየተባለ መብላት ነው። አፋቸው ማታ ምላሳቸው ከላንቃቸው ጋር እስኪጣበቅ የሚደርቅ ከሆነም ለሐኪማቸው እንዲነግሩ መክሯቸዋል። አዛውንቱ በሁለተኛው ቀን ተመልሰው እንጀራቸውን በመረቅ አርሰው እንደበሉና ዶሮው ዶሮ ለመምሰል እንደ ሞከረ ጻፉ።

ከሁሉም ምላሾች ውስጥ አስደንጋጩ 23ኛው ነው። አንድ ወጣት፣ ታላቅ ወንድሙ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረ አምስተኛ ሳምንቱ መሆኑን፣ ከሦስት ቀን ወዲህ ምግብ ሲያይ እንደሚያስመልሰው፣ እዚህ የተጻፈውን አንብቦ ይህም የምራቅ ጉዳይ መሆኑን ስለተረዳ እራቱን ከመድኃኒቱ በፊት ሊያደርግለት እንዳሰበ በምስጋና ገለጸ። ፋርማሲስቷ በ24ኛው እስከዚያ ያልታየባትን ቃና ይዛ መጣች። ሰዓት ማስተካከሉን ትቶ ዛሬውኑ የወንድሙን ዓይን ነጭ በቀን ብርሃን እንዲያይ አዘዘችው። የሽንቱንም ቀለም እንዲጠይቀው፣ ነገር ግን እንዳይሳሳት አስጠነቀቀችው። ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፣ ይህ ጉዳት የለውም። ሽንቱ እንደ ወፈረ ሻይ ከጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ ካለ ወይም ማስመለሱ ካላቋረጠ ግን መድኃኒቱ ጉበቱን እየጎዳው ሊሆን ስለሚችል፣ የዕለቱን መድኃኒት ሳይውጥ በዚያው ቀን ወደ ታከመበት ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በዚያ ሰው ላይ የጠፋው የምግብ ፍላጎት ነው፤ የጠያቂዋ እናት ግን ይርባቸዋል፣ ሲጎርሱ ይመራቸዋል። ሁለቱን አንድ ማድረግ ሰው ይገድላል ስትል ጻፈች። አንድ ሰው አነጋገሯ ወጣቱን እንዳስደነገጠ ወቀሳት፤ እሷም ለማስደንገጥ እንደጻፈችው መለሰች። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

ከዚያ በኋላ ክሩ ትንሽ ተበተነ። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው ጠላ መቅመስ ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ መጣ፣ እሱም የጌሾ ጥራት ወደሚል ወሬ አመራ። ሰዎቹ ሲሳሳቁ አንድ ሰው ብቻ፣ መድኃኒቱ እስኪያልቅና ካለቀም በኋላ ሦስት ቀን እስኪሞላ ጠላም ጠጅም እንዲተው፣ የመድኃኒቱ መመሪያም ይህን እንደሚከለክል አሳሰበ። ስንቱ እንደሰማው አላውቅም።

ወጣቱ በ31ኛው ምላሽ ተመለሰ። የወንድሙ ዓይን ቢጫ ሆኖ ነበር። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን አስቁሞ ወደ ሆስፒታል እንደላከው፣ ጉበቱ ሲረጋጋ መድኃኒቶቹ አንድ በአንድ እንደሚመለሱለት እንደተነገራቸው ጽፏል። ምስጋናው በአንድ መስመር ነበር፣ ከሥሩም ማንም ብዙ አልተናገረም።

ጠያቂዋ በመጨረሻ የጻፈችው መድኃኒቱ ካለቀ በሦስተኛው ቀን ነው። እራቱ ወደ 12 ሰዓት ተኩል ከተዛወረ ወዲህ እናትየው ሽሮውን ባይችሉትም ቀዝቃዛ እርጎ በእንጀራ፣ አንዳንዴም በሶ በቀዝቃዛ ውኃ እየበጠበጡ አሥራ አራቱን ቀን ጨርሰዋል። ከ54 ኪሎ ወደ 52 ወርደዋል። የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ውኃ ጠጥተው ውኃ ውኃ አለኝ ብለው ልጃቸውን ቀሰቀሷት። ይሁን እንጂ ሽሮው ላይ ያደረባቸው ቅያሜ ገና አልለቀቃቸውም፤ ድስቱ ሲወጣ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ጣዕሙ ከሄደ በኋላ ይህ ጥላቻ ስንት ጊዜ ይቆያል ለሚለው ጥያቄዋ እስካየሁት ድረስ መልስ የሰጠ የለም። የባክቴሪያው መጥፋት የሚረጋገጥበት ምርመራ ቀን ግን በቤታቸው ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል።